ተቃራኒ ቮልቴጅ በዲሲ ሞተር ውስጥ፦ ከረንትን የሚገታውንና ፍጥነትን የሚመጥነውን ኃይል በባትሪ፣ በአምፖልና በቴስተር የመለካት መመሪያ

ባለ 12 ቮልት የሚኒባስ ማራገቢያ ሞተር የጥቅልሉ ሬዚስታንስ 0.5 ኦም ከሆነ፣ በኦም ሕግ ስሌት 24 አምፒር መሳብ ይኖርበታል። ነገር ግን ከመኪናው አውጥተው፣ ማራገቢያውን ፈትተው በቀጥታ ከባትሪ ጋር ሲያገናኙት የሚስበው 1 አምፒር ገደማ ብቻ ነው። ማራገቢያው ከነቤቱ ሲገጠምለት ወደ 5 አምፒር ከፍ ይላል። 24 አምፒሩ በእርግጥ የሚታየው ዘንጉ ተይዞ እንዳይዞር ሲደረግ ነው። በሦስቱም ሁኔታዎች ባትሪው ያው፣ ጥቅልሉም ያው ነው፤ የተለያየው ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት ብቻ ነው።

ይህ መመሪያ በአዳማ ጋራዦች ውስጥ በየቀኑ በሚገኝ በእንዲህ ያለ ባለ ሁለት ሽቦ፣ ባለ ካርቦንና ባለ ቋሚ ማግኔት ሞተር ላይ ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ ለክቶ ለማየት የሚያስችል ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ቁጥሮች የአንድ መካከለኛ መጠን ያለው ማራገቢያ ሞተር አርአያ ሲሆኑ፣ የእርስዎ ሞተር የራሱን ቁጥሮች ይሰጥዎታል፤ የስሌቱ መንገድ ግን አይለወጥም።

ከመለካቱ በፊት ሊታወቅ የሚገባው

በማግኔት መካከል የሚዞር ጥቅልል ማንም ያዙረው ማን ቮልቴጅ ያመነጫል። በእጅ ቢዞር፣ በቺንጋ ቢዞር፣ ወይም ባትሪ በሰጠው ከረንት ራሱ ቢዞር ለጥቅልሉ ልዩነት የለውም። ስለዚህ የሚሠራ ሞተር ሁሉ በዚያው ቅጽበት ጄነሬተርም ነው፤ የሚያመነጨውም ቮልቴጅ አቅጣጫው ባትሪው ከሚልከው ከረንት ጋር የሚጋፋ ነው። ተቃራኒ ኤሌክትሮሞቲቭ ኃይል የሚባለው ይህ ሲሆን፣ ከዚህ በታች በአጭሩ ተቃራኒ ቮልቴጅ እያልን እንጠራዋለን። የማግኔቱ ብርታት እስካልተለወጠ ድረስ መጠኑ ከፍጥነቱ ጋር እኩል ይሄዳል፤ ፍጥነቱ በእጥፍ ሲያድግ እሱም በእጥፍ ያድጋል።

በሞተሩ ሁለት ጫፎች ላይ ያለው ቮልቴጅ V ከሆነ፣ ተቃራኒው ቮልቴጅ E ከሆነ፣ የጥቅልሉና የካርቦኑ ሬዚስታንስ ደግሞ በአንድነት R ከሆነ፣ ከረንቱ የሚገኘው እንዲህ ነው፦

I = (V − E) / R

የኦም ሕግ አልተሻረም፤ በሬዚስታንሱ ላይ የሚያርፈው ቮልቴጅ ግን 12ቱ በሙሉ ሳይሆን ከ12ቱ ላይ E ተቀንሶ የቀረው ብቻ ነው። የሚከተሉት ደረጃዎች R እና E የተባሉትን ለየብቻ ለክተው ያወጣሉ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

በደንብ ቻርጅ የተደረገ የ12 ቮልት የመኪና ባትሪ፣ ባለ 10 አምፒር መለኪያ ያለው ቴስተር፣ 55 ዋት የሆነ የመኪና የፊት መብራት አምፖል፣ የ15 አምፒር ፊውዝ፣ ሞተሩን አጥብቆ የሚይዝ ሞርሳ፣ ወፈር ያሉ አጫጭር ሽቦዎች፣ እንዲሁም ትራፓኖ ያዘጋጁ። ፊውዙን ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ አጠገብ ያስገቡ። የቴስተሩን ቀይ ገመድ ከረንት ለመለካት ወደ 10 አምፒር ቀዳዳ ካዛወሩ በኋላ ወደ ቮልት ቀዳዳ ሳይመልሱ ባትሪ እንዳይነኩበት ይጠንቀቁ፤ በዚያ ቀዳዳ ቴስተሩ ራሱ እንደ ሽቦ ስለሚሆን ባትሪውን ያሻርታል። በብዙ ርካሽ ቴስተሮች ላይ ይህ ቀዳዳ ፊውዝ የለውም፤ ከጥቂት ሴኮንዶች በላይም በሙሉ ከረንት እንዲቆይ አልተሠራም።

ደረጃ 1፦ ዘንጉን ይዞ ሬዚስታንሱን መለካት

ሬዚስታንሱን በቴስተሩ የኦም መለኪያ ለማግኘት መሞከር አያዋጣም። የቴስተሩ ገመዶች ብቻቸውን ጥቂት አሥረኛ የሚሆን ኦም ስላላቸው፣ ግማሽ ኦም የሚፈልግ ሰው የሚያነበው ቁጥር ግማሹ የገመዱ ሊሆን ይችላል፤ በተጨማሪም በካርቦኑና በኮሙቴተሩ መካከል ያለው ስስ ሽፋን በቴስተሩ ደካማ ከረንት ጊዜ ከእውነቱ በላይ ያሳያል።

ስለዚህ አምፖሉን ከሞተሩ ጋር በተከታታይ ያገናኙ፤ ከባትሪው የሚወጣው ከረንት መጀመሪያ በአምፖሉ፣ ቀጥሎ በሞተሩ አልፎ ይመለሳል ማለት ነው። ዘንጉን በፒንሳ ወይም በወፍራም ጨርቅ አጥብቀው ይያዙና ያገናኙ። አምፖሉ በደንብ ይበራል፤ ሞተሩ ለመዞር ይታገላል፤ ነገር ግን አምፖሉ ከረንቱን ስለሚገድበው አይጎዳም። በዚህ ሁኔታ ከረንቱን፣ ከዚያም በሞተሩ ሁለት ጫፎች ላይ ያለውን ቮልቴጅ ያንብቡ። በእኛ ምሳሌ 4.1 አምፒርና 2.05 ቮልት ይነበባል። ሞተሩ ስለማይዞር E ዜሮ ነው፤ ስለዚህም R = 2.05 / 4.1 = 0.5 ኦም ይሆናል።

ልኬቱን አንድ ጊዜ ብቻ አድርገው አይለፉ። ዘንጉን በጥቂቱ እያዞሩ በአራት ወይም በአምስት ቦታ ላይ ይድገሙትና አማካዩን ይውሰዱ፤ ካርቦኑ በአንድ ጊዜ የሚነካቸው የኮሙቴተር ጥርሶች ቁጥር ስለሚለያይ ንባቡ ትንሽ ከፍ ዝቅ ማለቱ ጤናማ ነው። በአንዱ ቦታ ላይ ብቻ እጅግ የሚዘል ከሆነ ግን የተበጠሰ ጥቅልል ወይም የተቃጠለ ጥርስ እንዳለ ይጠርጥሩ።

ደረጃ 2፦ ዘንጉን መልቀቅና አምፖሉን መመልከት

ግንኙነቱን ሳይነኩ ዘንጉን ይልቀቁት። ሞተሩ ፍጥነት እየጨመረ በሄደ መጠን አምፖሉ መጀመሪያ ይቀላል፣ ከዚያ ይደበዝዛል፣ በመጨረሻም ፈጽሞ የጠፋ ይመስላል፤ ሞተሩ ግን ያኔ ከሞላ ጎደል በሙሉ ፍጥነቱ እየዞረ ነው። አሁን በሞተሩ ጫፎች ላይ ቢለኩ ከ11 ቮልት በላይ ያገኛሉ፤ ለአምፖሉ የተረፈው አንድ ቮልት እንኳ አይሞላም። በወረዳው ውስጥ የተቆረጠም ሆነ የተጨመረ ነገር የለም። ከረንቱን ከ4 አምፒር ወደ 1 አምፒር ገደማ ያወረደው ከመዞሩ የተወለደው ተቃራኒ ቮልቴጅ ነው። ዘንጉን በጨርቅ ጫን ሲያደርጉት አምፖሉ እንደገና ፍም ይመስላል፣ ሲለቁት ይጠፋል። ቁጥር ሳያነቡ ጉዳዩን በዓይን ለማየት ከዚህ የተሻለ መንገድ ስለማላውቅ፣ ተማሪ ያለው ባለሙያ ይህን ደረጃ ሳያሳይ ወደ ስሌት ባይገባ ይመረጣል።

ደረጃ 3፦ ሞተሩን እንደ ጄነሬተር ማዞር

ባትሪውንና አምፖሉን ሙሉ በሙሉ ያላቅቁ። የቴስተሩን ቀይ ገመድ ቀድሞ የባትሪው ፖዘቲቭ በነበረበት የሞተር ጫፍ ላይ፣ ጥቁሩን በሌላው ጫፍ ላይ ያድርጉ። ዘንጉን በትራፓኖው አፍ አስይዘው፣ ሞተሩ በባትሪ ሲሠራ ይዞርበት ወደነበረው አቅጣጫ ያዙሩት። ሰሌዳው ላይ 2,800 ዙር በደቂቃ የተጻፈበት ትራፓኖ በሙሉ ፍጥነት ሲያዞረው 9.3 ቮልት ገደማ ይነበባል። መብራት በሌለበት ሰዓት በባትሪ የሚሠራ ትራፓኖም ይበቃል፤ 1,500 ዙር ከሆነ ንባቡ 5 ቮልት ይሆናል። ሁለቱንም በየፍጥነታቸው ቢያካፍሉ ለእያንዳንዱ 1,000 ዙር 3.33 ቮልት ይወጣል፤ ይህ የሞተሩ መለያ ቁጥር ነው።

በዚህ ደረጃ ከቁጥሩ ይልቅ በቴስተሩ ላይ ያለው ምልክት መታየት አለበት። ንባቡ የመቀነስ ምልክት የለውም፤ ማለትም ሞተሩ በሚዞርበት ጊዜ የባትሪው ፖዘቲቭ በሚያርፍበት ጫፍ ላይ የራሱን ፖዘቲቭ ያቆማል። ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ ጋር የገጠሙ ሁለት ባትሪዎች እንደሚጋፉት እነዚህም ይጋፋሉ፤ ከረንት የሚያልፈው በብልጫቸው መጠን ብቻ ነው። ትራፓኖውን ወደ ኋላ ቢያዞሩት የመቀነስ ምልክቱ ይመጣል።

ትራፓኖ የሌለው ሰው ሞተሩን በባትሪ አስነስቶ ባትሪውን በድንገት በማላቀቅ የሚቀረውን ቮልቴጅ ሊያነብ ይችላል፤ ነገር ግን ዲጂታል ቴስተር በሴኮንድ ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ስለሚያድስ፣ የመጀመሪያው ቁጥር እስኪታይ ሞተሩ ቀዝቅዞ ያገኘዋል። ባለ ቀስት ቴስተር ለዚህ ይሻላል።

ደረጃ 4፦ ያለ ጭነትና ከጭነት ጋር ማነጻጸር

አምፖሉን አውጥተው ሞተሩን በፊውዙ በኩል በቀጥታ ከባትሪው ጋር ያገናኙ። በሞተሩ ጫፎች ላይ 12 ቮልት እያለ ከረንቱ 1 አምፒር ከሆነ፣ በሬዚስታንሱ ላይ የሚጠፋው 0.5 ቮልት ስለሆነ E 11.5 ቮልት ነው፤ በመለያ ቁጥሩ ሲካፈል ፍጥነቱ 3,450 ዙር በደቂቃ ይሆናል። ያቺ 1 አምፒር የዘንጉን፣ የካርቦኑንና የብረቱን ሰበቃና ብክነት ለማሸነፍ የምትበቃ ናት፤ ከዚያ በላይ ከረንት ቢመጣ ሞተሩ ይፈጥን ነበር፣ ሲፈጥን ደግሞ E አድጎ ከረንቱን መልሶ ይቀንሰው ነበር።

አሁን ማራገቢያውን ከነቤቱ ይግጠሙ። አየሩን የመግፋት ጭነት ሞተሩን ማዝገም ይጀምራል፤ ፍጥነቱ ሲወርድ E ይወርዳል፤ E ሲወርድ ከባትሪው ጋር ያለው ልዩነት ይሰፋል፣ ከረንቱም ይጨምራል፤ የመጠምዘዝ ኃይሉ ከከረንቱ ጋር አብሮ ስለሚያድግ ጭነቱን የሚያክልበት ነጥብ ላይ ሲደርስ ማዝገሙ ይቆማል። በምሳሌያችን ይህ የሚሆነው 5 አምፒር ላይ ነው፦ E = 12 − 5 × 0.5 = 9.5 ቮልት፣ ፍጥነቱም 2,850 ዙር። ከረንቱ አምስት እጥፍ ሲያድግ ፍጥነቱ የቀነሰው 17 በመቶ ብቻ መሆኑን ልብ ይበሉ። ይህን ሁሉ ያስተካከለ ምንም መቆጣጠሪያ የለም።

ቤቱ ሳይኖር ማራገቢያውን ብቻ ገጥመው አይለኩ፤ እንደ ወፍ ጎጆ ክብ የሆነው ባለ ብዙ ቅጠል ማራገቢያ ያለ ቤቱ ሲዞር ከመደበኛው በላይ አየር ስለሚያንቀሳቅስ ሞተሩን ከልክ በላይ ያስጨንቀዋል። ቤቱ ከተገጠመ በኋላ ደግሞ የአየር መውጫውን በካርቶን ይሸፍኑት። ብዙ ሰው ሞተሩ የሚጨነቅና ከረንቱ የሚጨምር ይመስለዋል፤ የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው። አየሩ መውጫ ሲያጣ የሚገፋው አየር ያንሳል፣ ጭነቱ ይቀላል፣ የሞተሩ ድምፅ ይቀጥናል፣ ከረንቱም ይወርዳል። ወደ 3 አምፒር ቢወርድ E ወደ 10.5 ቮልት፣ ፍጥነቱ ወደ 3,150 ዙር ከፍ ብሏል ማለት ነው። ካርቶኑን ሲያነሡት ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለሳል።

ከዚህ ስሌት የሚታየው ፍጥነትን አጥብቆ የሚይዝ ሞተር ሬዚስታንሱ ትንሽ የሆነ ሞተር መሆኑ ነው። R 0.25 ኦም ቢሆን ኖሮ፣ በዚያው የከረንት ለውጥ ፍጥነቱ የሚቀንሰው በ8.5 በመቶ ብቻ ነበር። ዋጋው ግን አለ፤ እንዲህ ያለው ሞተር በሚነሣበት ቅጽበት፣ ተቃራኒ ቮልቴጅ ገና ሳይወለድ፣ የሚስበው 48 አምፒር ነው። በትንንሽ ሞተሮች ይህ ከሴኮንድ በታች ስለሚያልፍ ችላ ይባላል። በ220 ቮልት በሚሠራና R 0.1 ኦም በሆነ ትልቅ ሞተር ላይ ግን ስሌቱ 2,200 አምፒር ስለሚሰጥ፣ ሞተሩ ፍጥነት እስኪይዝ ድረስ ከረንቱን የሚገታ ማስነሻ ሬዚስታንስ ወይም ኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ ሳይኖር አይነሣም።

ደረጃ 5፦ የቆመ ሞተር የሚደርስበትን መረዳት

ማራገቢያው ውስጥ ጨርቅ ወይም ቅጠል ገብቶ ሞተሩ ከቆመ E ዜሮ ይሆናል። 24 አምፒር በ0.5 ኦም ውስጥ 288 ዋት ሙቀት ይፈጥራል፤ በመደበኛ ሥራ ላይ የነበረው 12.5 ዋት ነበር። በዚያ ላይ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው አየርም ቆሟል። ይህን ሆን ብለው መሞከር ከፈለጉ ከሁለት ሴኮንድ አያስበልጡ፤ ከረንቱም ከቴስተሩ አቅም በላይ ስለሆነ የሚለካው በክላምፕ ሜትር ብቻ ነው፤ ክላምፕ ሜትሩም ዲሲ የሚለካ ዓይነት መሆን አለበት።

ፊውዝ እያለ ሞተር ለምን ይቃጠላል የሚለው ጥያቄ መልሱን የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። በመኪናው ውስጥ ያሉት ሽቦዎች፣ ማብሪያና ማገናኛዎች ተደምረው 0.2 ኦም ቢኖራቸው፣ የቆመው ሞተር የሚስበው 12 / 0.7 = 17 አምፒር ገደማ ነው። የ15 አምፒር ፊውዝ 17 አምፒርን ለረጅም ጊዜ ሊሸከም ይችላል፤ ሞተሩ ደግሞ በዚያው ጊዜ ከ140 ዋት በላይ እያመቀ ቫርኒሹ ይሸታል። ፊውዙን በ30 አምፒር ወይም በሽቦ የተካ ሰው ያቺን ቀሪ ዕድልም አጥፍቷል።

ደረጃ 6፦ የታመመን ሞተር በሁለት ቁጥሮች መለየት

አዝግሞ የመጣን ሞተር ሁሉ ካርቦን መቀየር ወይም ጥቅልሉ ደክሟል ብሎ ማስጠቅለል የተለመደ ቢሆንም፣ ፍጥነትና ከረንት አብረው ሲነበቡ ምክንያቱ በአብዛኛው ራሱን ይገልጣል።

ፍጥነቱም ከረንቱም ከወረዱ፣ በመንገዱ ላይ ትርፍ ሬዚስታንስ አለ። ለምሳሌ የዛገ ማገናኛ 0.5 ኦም ቢጨምር፣ የማራገቢያው ጭነት ከፍጥነቱ ጋር አብሮ ስለሚቀል ሞተሩ 3.9 አምፒርና 2,430 ዙር ላይ ይረጋል። በሞተሩ ጫፎች ላይ ሲለኩ 10 ቮልት ብቻ ካገኙ ጥፋቱ ከሞተሩ ውጭ ነው፤ 12 ካገኙ ያለቀ ካርቦን ወይም የላላ የካርቦን ምንጭ ይፈልጉ።

ፍጥነቱ ወርዶ ከረንቱ ከጨመረ፣ ሞተሩ ከመደበኛው በላይ እየተጎተተ ነው፤ የደረቀ ቡሽ ወይም ኩሽኔታ፣ ወይም ከቤቱ ጋር የሚፋጭ ማራገቢያ የተለመደው ምክንያት ነው። የተሻረተ ጥቅልልም ተመሳሳይ ምልክት ስላለው፣ ዘንጉን በእጅ አዙረው ለስላሳ ከሆነ ወደ ደረጃ 1 ተመልሰው ሬዚስታንሱን ይለኩ።

ብዙዎችን የሚያሳስተው ሦስተኛው ነው፤ ፍጥነቱም ከረንቱም ጨምረዋል። ሞተሩ ደኅና፣ እንዲያውም ጎበዝ ይመስላል። ማግኔቱ በሙቀት ወይም በመውደቅ ብርታቱን 20 በመቶ ቢያጣ፣ በ1,000 ዙር የሚያመነጨው ከ3.33 ወደ 2.67 ቮልት ይወርዳል። ከረንቱን ለመግታት የሚበቃ ተቃራኒ ቮልቴጅ ለማምጣት አሁን የበለጠ መፍጠን አለበት፤ በዚያው ማራገቢያ 3,130 ዙርና 7.3 አምፒር ላይ ይረጋል። የጥቅልሉ ሙቀት ከ12.5 ወደ 27 ዋት ገደማ ስለሚያድግ ዕድሜው ያጥራል። ማረጋገጫው ደረጃ 3 ነው፤ ትራፓኖው በሚሰጠው ቮልቴጅ ላይ የማግኔቱ ድካም በቀጥታ ይነበባል፣ ከአዲስ ሞተር ጋርም ይነጻጸራል።

ንባቡን የሚያዛቡ ነገሮች

የመዳብ ሬዚስታንስ በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ 0.4 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ጠዋት በ25 ዲግሪ 0.5 ኦም የነበረው ጥቅልል ሠርቶ 80 ዲግሪ ሲደርስ 0.6 ኦም ይሆናል፤ ስለዚህ ትኩስ ሞተር ከቀዝቃዛው ትንሽ ቢያዘግም በሽታ አይደለም።

አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር አካባቢ ላይ ስለምትገኝ፣ አየሩ በተመሳሳይ ሙቀት ከባሕር ዳርቻው አየር 17 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ጭነቱ አየር የሆነ ሞተር እዚህ ቀለል ያለ ከረንት ስቦ ትንሽ ፈጠን ይላል። ወደ ጅቡቲ የሚወርድ የጭነት መኪና ማራገቢያ ወደብ ሲደርስ ከአዳማው ንባብ በላይ ቢስብ፣ ሹፌሩ ሞተሩ ተበላሸ ብሎ ሊደውል ይችላል፤ ከላይ ያሉትን ደረጃዎች ያውቅ የነበረ ባለሙያ ግን መጀመሪያ የሚጠይቀው ፍጥነቱ ምን ያህል እንደወረደ ነው።

በመጨረሻም ይህ ስሌት በሙሉ ማግኔቱ ቋሚ መሆኑን ይዞ የተሠራ ነው። በድሮው ዓይነት ሞተሪኖ ላይ የማግኔቱን መስክ የሚፈጥረው አርማቸር በሚባለው በሚዞረው ጥቅልል የሚያልፈው ያው ከረንት ራሱ ስለሆነ፣ ጭነት ሲቀል ከረንቱ ይወርዳል፣ ከረንቱ ሲወርድ መስኩ ይዳከማል፣ የተዳከመ መስክ ደግሞ ያንኑ ተቃራኒ ቮልቴጅ ለማምጣት ከፍ ያለ ፍጥነት ይጠይቃል። እንዲህ ያለውን ሞተሪኖ በሞርሳ አስረው ያለ ጭነት ሲፈትኑ ግንኙነቱን ከጥቂት ሴኮንዶች በላይ አያቆዩ፤ የአርማቸሩ ሽቦ ከቦታው ተወርውሮ ሊወጣ ይችላል። የመስክ ጥቅልሉ ለብቻው ከአርማቸሩ ጎን ለጎን የሚገናኝበት ትልቅ ሞተርም የመስክ ሽቦው በሥራ ላይ እያለ ቢበጠስ ተመሳሳይ አደጋ ስለሚገጥመው፣ በመስክ መስመሩ ላይ ፊውዝ አይገባም።